ፖታሲየም 0.42 በፓውንድ በኤከር ስንት ይሆናል? ዛሬ ማታ መልስ እፈልጋለሁ

የቦርከና ሽንኩርት
ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ ቶሎ እርዱኝ። የአፈር ምርመራ ውጤቴ ፖታሲየም 0.42 ይላል። አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ የላከልኝ የማዳበሪያ ማስያ ኤክሴል ግን የሚቀበለው በፓውንድ በኤከር ነው። 0.42 ብዬ ሳስገባ «እጅግ ዝቅተኛ» ብሎ በቀይ አወጣው። ለሁለት ሄክታር የማይታመን የፖታሽ መጠን አዘዘኝ። ነጋዴው ነገ ጠዋት ኮምቦልቻ ላይ ሊጭንልኝ ነው፤ ቀብድ ዛሬ ካላስገባሁ ለሌላ ይሸጠዋል። በስንት ላባዛው?

ጦሳ ሥር
እህቴ፣ በ2 አባዢው፣ አለቀ። ፒፒኤም በ2 ሲባዛ ፓውንድ በኤከር ነው። 0.84 አስገቢ።

መምህር በጡረታ
ልጄ፣ ከቁጥሩ በፊት ናሙናው ይቅደም። ከማሳው አንድ ጥግ አንድ አካፋ አፈር ተዝቆ ከሆነ ላብራቶሪው ምን ቢራቀቅ ዋጋ የለውም። ማሳውን ዚግዛግ እየተመላለሱ ከብዙ ቦታ መውሰድ፣ ንጹህ ባልዲ ውስጥ ማዋሃድ፣ ከዚያ አንድ ኪሎ ያህል መላክ ነው። ከብት ያደረበትንና ፍግ የተከመረበትን ቦታ ዝለሉ። እንዲህ ያለ ቦታ ፖታሲየሙን ሽቅብ ይሰቅለዋል። በስንት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት እንደተወሰደም ጻፊልን።

ሐይቅ ዳር
የኔም ወረቀት ግራ አጋብቶኛል። ፎስፈረስ 9 ሚሊግራም በኪሎ ይላል። ወደ ሚሊኢኩቫለንት እንዴት ነው የሚቀየረው? የምተክለው ድንች ነው።

ገርባ መንገድ
ጦሳ ሥር እንዳለው በ2 ነው። እኔም ሁሌ በ2 ነው የማባዛው።

ዋልካ አራሽ
እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ቦርከና ሜዳ ላይ ፖታሽ ግዢ ያለሽ ማነው? ዋልካ እኮ ነው! የኢትዮጵያ አፈር ፖታሲየም አይጎድለውም ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ያን ሁሉ ፖታሽ ከበተንሽበትማ ሽንኩርትሽ ጨው እንደላሰ በግ ውሃ ውሃ ይልሻል። ቀብዱን ለዩሪያ አድርጊው።

የአፈር ላብ
አብሽሪ እህቴ፣ ግን ቀብዱን ለጊዜው ያዢው። በ2 የምትሉት ወንድሞቼ፣ 2 ልክ የሚሆነው ቁጥሩ በፒፒኤም ከተጻፈ ብቻ ነው። የእርሻ መሬት ፖታሲየም 0.42 ፒፒኤም ሆኖ አይገኝም። ወረቀቱ ላይ ከ0.42 ጎን ምን መለኪያ አለ? ካልሲየም፣ ማግኒዢየም፣ ሶዲየምና ሲኢሲስ፣ ማለትም አፈሩ እነዚህን በቻርጁ ይዞ የማቆየት አቅሙ፣ ስንት ይላሉ?

የቦርከና ሽንኩርት
meq/100g ይላል። ካልሲየም 32፣ ማግኒዢየም 9፣ ሶዲየም 0.3፣ ሲኢሲ 44። ጥልቀቱ 20 ሴንቲ ሜትር ነው። ናሙናውን መምህር እንዳሉት ነው የወሰድነው። ነጋዴው እየደወለ ነው፣ ቶሎ በሉ!

የአፈር ላብ
መጀመሪያ መለኪያው እውነት መሆኑን እንይ፤ አንዳንዴ ወረቀቱ ላይ ያለው ርዕስ ራሱ ይሳሳታል። አራቱን ደምሪያቸው፦ 32፣ 9፣ 0.42 እና 0.3 ሲደመሩ 41.7 ይሆናሉ። ከሲኢሲው ከ44 ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የተገኘው። ስለዚህ በእርግጥ ሚሊኢኩቫለንት በመቶ ግራም ነው። ሚሊግራም በኪሎ ቢሆን ካልሲየሙ ብቻውን በሺዎች ይቆጠር ነበር። ኖራ የበዛበት አፈር ላይ ድምሩ ከሲኢሲው ሊበልጥ ይችላል፣ ያን ስታዪ አትደንግጪ።

አሁን ወደ ልወጣው። አንድ ሚሊኢኩቫለንት ፖታሲየም 39.1 ሚሊግራም ይመዝናል። ይህ በመቶ ግራም አፈር ውስጥ ነው። ኪሎ ደግሞ አስር ጊዜ መቶ ግራም ስለሆነ 391 ይሆናል። ሚሊግራም በኪሎና ፒፒኤም በአፈር ላይ አንድ ናቸው፣ እዚያ ላይ ምንም አታባዢ።

```
0.42 × 391 = 164 mg/kg (ppm)
164 × 2 = 328 lb/acre
```

ኤክሴሉ ላይ 328 አስገቢ። 0.42 ስታስገቢ አፈርሽ ባዶ ነው ብለሽ ነገርሽው፣ እሱም የፈረደው በዚያው ነው።

ጦሳ ሥር
አሃ፣ ገባኝ። እንግዲያው ካልሲየሙንም ማግኒዢየሙንም በ391 ታባዛዋለች ማለት ነው።

የአፈር ላብ
አይ፣ እያንዳንዱ የራሱ ማባዣ አለው። ካልሲየም 40 ይመዝናል፣ ግን ሁለት ቻርጅ ስላለው ለሁለት ይካፈላል፤ ስለዚህ ማባዣው 200 ነው። ማግኒዢየምም ሁለት ቻርጅ አለው፣ 121.5። ሶዲየም አንድ ነው፣ 230። የእህታችን ካልሲየም በ200 ሲባዛ 6400 ሚሊግራም በኪሎ ይመጣል። በ391 ብታባዢው ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም።

መምህር በጡረታ
ጥሩ አስረድተሃል ልጄ። ግን ያ 2 ከየት መጣ? ናሙናው እኮ 20 ሴንቲ ሜትር ነው።

የአፈር ላብ
ጋሼ፣ ትክክል ነዎት። 2 የመጣው የአንድ ኤከር አፈር እስከ 17 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ ሁለት ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ይመዝናል ከሚለው ግምት ነው። ከሚሊዮን አንድ ማለት በኤከር ሁለት ፓውንድ ሆነ። መሬቷ ውስጥ በእውነት ስንት እንዳለ ለማወቅ ከሆነ ጥልቀቱ ይገባል። 20 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ የአፈሩን ጥግግት 1.3 ብንወስድ፣ ሄክታሩ 2.6 ሚሊዮን ኪሎ ነው። 164 በ2.6 ሲባዛ 426 ኪሎ በሄክታር ይመጣል። በፓውንድ በኤከር ከፈለጉት ለ1.12 ያካፍሉት፣ 380 ይሆናል። ዋልካ ግን ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ 1.3 በየወቅቱ የሚጸና ቁጥር አይደለም።

ለኤክሴሉ ግን 328ቱን ነው የምመርጠው። «ዝቅተኛ»፣ «መካከለኛ» የሚሉት እርከኖቹ ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት በዚያው በ2 ነው። እሱ በ2 ተሠርቶ እኛ በሌላ ብናባዛ ሳናውቀው እርከን እንዘላለን።

የቦርከና ሽንኩርት
328 አስገባሁ። ቀዩ ጠፋ! አሁን «መካከለኛ» ይላል። የጠየቀው ፖታሽም በጣም ወረደ። አላህ ይስጥልኝ። ነጋዴውን ላስቁመው?

ዋልካ አራሽ
አላልኩም? ፖታሽ አያስፈልግሽም!

የአፈር ላብ
ወንድሜ፣ እዚያ አንደርስም። 164 ባዶ አይደለም ማለት ነው እንጂ በቂ ነው ማለት አይደለም። ፖታሲየሟ ከሲኢሲው አንድ መቶኛ ያህል ብቻ ነው። ማግኒዢየሟ ደግሞ የፖታሲየሙ ከሃያ እጥፍ በላይ ነው፣ ያን ያህል ሲበዛ ሥሩ ፖታሲየሙን እንዳይወስድ ይሻማዋል። ሽንኩርት ደግሞ ፖታሲየም ይወዳል። እኔ ብሆን የመጣውን ትንሹን መጠን በማሳው ግማሽ ላይ ብቻ አድርጌ አያለሁ።

ዋልካ አራሽ
እኔ አሁንም ገንዘብ ማባከን ነው እላለሁ። ምርቱ ያሳየናል።

የአፈር ላብ
እህቴ፣ ከመክፈልሽ በፊት አንድ ነገር ብቻ እዪ። ኤክሴሉ ሳጥኑ ላይ K ነው ወይስ K2O የሚለው? K2O ከሆነ 328ን በ1.2 አባዢው፣ ወደ 395 ይጠጋል። የፖታሽ ከረጢት ላይ ያለው 60 የሚባለውም K2O ነው። የሳጥኑን ፎቶ ላኪልን።

መምህር በጡረታ
ልጄ፣ ምን አለ ሳጥኑ?

ሐይቅ ዳር
እሷ እስክትመጣ የኔን ፎስፈረስ አትርሱብኝ።

የአፈር ላብ
ሐይቅ ዳር፣ ፎስፈረስን ወደ ሚሊኢኩቫለንት አትቀይር። በዚያ የሚጻፉት አፈሩ በቻርጁ ይዞ የሚያቆያቸው እነ ካልሲየም ናቸው። ያንተ 9 ሚሊግራም በኪሎ 9 ፒፒኤም ነው፣ በ2 ሲባዛ 18 ፓውንድ በኤከር። ጦሳ ሥር ያለው 2 ላንተ ይሠራል። ወረቀቱ ላይ ኦልሰን ወይስ ሜህሊክ ይላል? በአንዱ ዘዴ የወጣን ቁጥር በሌላው ሠንጠረዥ ካየኸው ልወጣህ ልክ ሆኖም ምክሩ ይሳሳታል። እሱን ጻፍልኝና ስለ ድንቹ እንነጋገራለን።