በሰዓት ላስከፍል ወይስ ቁርጥ ዋጋ ልንገረው?

ሰላም ጓዶች፣ ግራ ገብቶኛል። የግራፊክስ ሥራ በግሌ እሠራለሁ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ነኝ። ባለፈው ወር ለአንድ ካፌ ሜኑና የበር ማስታወቂያ በ12,000 ብር ቁርጥ ተስማማሁ። በ20 ሰዓት ያልቃል ብዬ ነበር፣ በሰዓት 600 ብር መሆኑ ነው። ባለቤቱ ግን "ይቺን ቀለም ብቻ" እያለ ሰባት ጊዜ አስቀየረኝ፣ ጭራሽ መጨረሻ ላይ የምግቦቹን ዋጋ ሁሉ ለወጠና እንደገና ደረደርኩት። ሰዓቴን ስደምረው 46 ሆነ። በሰዓት 260 ብር ገደማ ማለት ነው፣ ያውም ፒያሳ ማተሚያ ቤት የተመላለስኩበትን ሳልቆጥር።

አሁን ሌላ ደንበኛ ተመሳሳይ ሥራ ይዞ መጥቷል። ለወር ወጪዬ 40,000 ብር ያስፈልገኛል፣ ክፍያ የሚገኝበት ሰዓት ደግሞ በወር ከ80 አይበልጥም፤ ቀሪው ደንበኛ ማግባባትና ብር ማሳደድ ነው። ስለዚህ ከ500 በታች ከሠራሁ እከስራለሁ። በሰዓት ልበል ስለው "ቁርጡን ንገረኝ" አለኝ፣ እውነቱን ነው፣ እኔም ብሆን ቆጣሪው ክፍት የሆነ ታክሲ አልሳፈርም።

ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ 30 ሰዓት በ500፣ 15,000። ለማይታወቀው ሲሶ ጨምሬ 20,000 ቁርጥ፣ ግማሹ ቅድሚያ። ሁለት ዙር እርማት በዋጋው ውስጥ፣ ከዚያ በላይ በሰዓት 600።

የጨነቀኝ "አንድ ዙር" የሚባለውን እንዴት ብዬ እንደምጽፈው ነው። አስተያየቱን ሰብስቦ ባንዴ ይላክ ልበል? በቴሌግራም በየሰዓቱ አንድ አንድ ቢልክስ? የሞከራችሁት የውል አጻጻፍ ካለ ወዲህ በሉኝ፣ ሐሙስ ዋጋ ልነግረው ነው።