የእናቴ ግፊት 196/122 አሳየ፤ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ልውሰዳት?

ጠያቂ፦ እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ዛሬ ማታ ስለካት 196/122 ሆነ። አምሎዲፒኗ ካለቀባት ሳምንት ሆኗታል፤ አሁን ገዝቻለሁ። ራሷን ትንሽ ያማታል እንጂ ደህና ታወራለች። ልውሰዳት ወይስ እስከ ጠዋት ይቆይ?

የመርካቶ ልጅ፦ ኒፌዲፒን ከምላሷ ስር አድርጊላት። ለአባቴ እንዲህ ተደርጎለት ወዲያው ነው የወረደው። የባሰ ነገር ካየሽ ግን ሐኪም ቤት ውሰጃት።

ድንገተኛ ክፍል ነርስ፦ ወንድሜ፣ አደጋው ወዲያው መውረዱ ላይ ነው። ከፍተኛ ግፊት የለመደ አንጎል ግፊቱ በአንዴ ሲወርድበት ደም ያንሰዋል፤ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ አንቺ ኒፌዲፒኑን ተዪው።

እህቴ፣ ግፊቱ ከ180/120 ካለፈ የሚወስነው አንጎልን፣ ልብን ወይም ኩላሊትን እየጎዳ መሆን አለመሆኑ ነው። ፈገግ በይ በያት፤ አፏ ወደ አንድ ጎን ይጣመማል? ሁለቱንም እጆቿን ወደ ላይ ታንሳ፤ አንዱ ይወርዳል? አንደበቷ ተሳስሯል? ደረቷን ወይም ጀርባዋን በድንገት ያማታል? ትንፋሽ ያጥራታል? ዓይኗ ይጋረድባታል? ግራ ተጋብታለች? ከባድ ራስ ምታት ከትውከት ጋር አለ? ከእነዚህ አንዱ ብቻ ካለ ሁለተኛ ልኬት አትጠብቂ፤ 907 ደውይ ወይም ታክሲ ያዢ። አፏ ከተጣመመ ውኃም ኪኒንም አትስጫት። መጨረሻ ደህና የነበረችበትን ሰዓት ያዢ፤ ለስትሮክ ሕክምናው እሱ ወሳኝ ነው።

ምንም ከሌለ 5 ደቂቃ ጀርባዋን ደግፋ፣ እግሯን መሬት አሳርፋ፣ ዝም ብላ ትቀመጥና ድገሚው። አምሎዲፒኗን በተለመደው መጠን ትውሰድ፤ እጥፍ አይደረግም። ቀስ ብሎ ስለሚሠራ በየ10 ደቂቃው እየለካሽ አትጨነቂ። ነገ ሐኪም ይያት።

የባህር ዳሯ፦ ይቅርታ፣ እህቴ የ8 ወር ነፍሰ ጡር ናት። 164/112 ነው፤ 180 ስላልሞላ ችግር የለውም ማለት ነው?

ድንገተኛ ክፍል ነርስ፦ የለም! ለነፍሰ ጡር 160/110 ከደረሰ ምንም ባይሰማትም አሁኑኑ ትሂድ። ዓይኗ ብልጭ ብልጭ ካለባት ወይም ከጎድን አጥንቷ ስር ካመማት ደግሞ ደቂቃ አትዘግዩ።

ጠያቂ፦ ደግሜ ለካኋት፤ 186/116። አፏም እጇም ደህና ነው። እግሯ ግን ከትናንት ጀምሮ አብጧል።

ድንገተኛ ክፍል ነርስ፦ ከልብ ይሁን ከኩላሊት ከዚህ ሆኜ መለየት አልችልም። ሽንቷ ቀንሷል? በጀርባዋ ስትጋደም ትንፋሿ እንዴት ነው?

ጠያቂ፦ ሽንቷን አላስተዋልኩም። ትናንት ሌሊት ግን ትራስ ጨምሩልኝ ብላ ነበር፤ እሷ ጉንፋን ነው ትላለች።

ድንገተኛ ክፍል ነርስ፦ ጉንፋን ሊሆን ይችላል። ግን ሳንባዋ ውኃ ይዞም ሊሆን ስለሚችል ጠዋት አትጠብቂ፤ ዛሬ ማታ ውሰጃት። በመንገድ ላይ አታስተኚያት፤ ቀና ብላ ትቀመጥ። የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ይዘሽ ሂጂ።