«12ቱ ኢማሞች» ወይስ «12ቱ አሰጋጆች»?

የሽምብጧ፦ አንድ የታሪክ ትርጉም እያረምኩ ነው። ስለ ሺዓ ነው። «12ቱ አሰጋጆች» ይላል። አልጥም አለኝ። ምን ልበለው?

ጣና ዳር፦ ምን ችግር አለው? እዚህ ባሕር ዳር ኢማም ሲባል የመስጊድ አሰጋጅ ነው። የሺዓና የሱኒ ልዩነት እኮ ከነቢዩ በኋላ ማን ይተካ ነው። ሱኒ አቡበክር ይላል፣ ሺዓ ዓሊ። አለቀ።

ሙዓሊም፦ ወንድሜ፣ ግማሹን ብለሃል። ልዩነቱ በሰውየው ብቻ አይደለም፣ በሹመቱም ነው። ለሱኒ ኸሊፋ ሰዎች ተቀብለው ቃል የሚገቡለት መሪ ነው። አቡበክር መዲና ውስጥ ሰቂፋ በሚባል መሰብሰቢያ ላይ ቃል ተገባላቸው። ዑመርን አቡበክር ራሳቸው ጠቁመው አለፉ። ዑስማንን 6 ሰዎች መክረው መረጡ። መንገዱ ይለያያል፣ ሁሉም ግን ሊሳሳቱ የሚችሉ ሰዎች ናቸው። የ12ቱ ኢማሞች ተከታይ ሺዓዎች ግን ኢማም አይመረጥም ይላሉ። የሚሾመው አላህ ነው፣ ያለፈው ተተኪውን ያሳውቃል፣ ከኃጢአትና ከስህተትም የተጠበቀ ነው። ስለዚህ ዙፋን ባይይዝም ኢማም ነው። ከሁለተኛው ኢማም፣ ከዓሊ ልጅ ከሐሰን በኋላ የመጡት አንዳቸውም ኸሊፋ ሆነው አልገዙም። «አሰጋጅ» ካልሽው ይሄ ሁሉ ይጠፋል። እህቴ፣ «ኢማም» ብለሽ ተዪው።

የዘጌው፦ እኔ ገዳም አጠገብ ነው ያደግኩት። እኛ ጋ ማኅበሩ መክሮ ነው አበምኔት የሚሾመው። እንደዚያ ነዋ?

ሙዓሊም፦ ጋሼ፣ እሱ ወደ ሱኒው ይቀርባል። ለሺዓው የማኅበሩ ምክር አይሾምም።

የሽምብጧ፦ እሺ፣ «ኢማም» ይሁን። ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ግን ይብሳል። ነቢዩ በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ ጋዲር ኹም የሚባል ቦታ ላይ «እኔ መውላው የሆንኩለት ሁሉ፣ ዓሊም መውላው ነው» አሉ ይላል።

ጣና ዳር፦ መውላ ከመውሊድ ጋር አንድ አይደለም?

ሙዓሊም፦ አይደለም፣ መውሊድ ከመወለድ ነው። ንግግሩን ሱኒዎችም ይቀበሉታል፣ ሐዲስ ሰብሳቢው ቲርሚዚ ዘግበውታል። ክርክሩ ትርጉሙ ላይ ነው። ሱኒዎች «ወዳጅ፣ ደጋፊ» ይሉታል። ከዓሊ ጋር የመን ዘምተው የነበሩ ሰዎች ያጉረመርሙባቸው ነበር፣ ነቢዩ ያን ሊያበርዱ ተናገሩት ይላሉ። ሺዓዎች «አለቃ» ይሉታል። ምክንያታቸው ከዚያ በፊት ያለው ጥያቄ ነው። ነቢዩ «ለምእመናን ከራሳቸው በላይ መብት ያለኝ እኔ አይደለሁም?» ብለው ጠይቀው ነበር። ያን ተከትሎ የመጣ መውላ ወዳጅ ብቻ ሊሆን አይችልም ነው የሚሉት።

ጣና ዳር፦ በቃ «ወዳጅ» በያት።

የሽምብጧ፦ ጸሐፊው ሺዓ ነው እኮ! «ወዳጅ» ካልኩ ያላለውን አስባልኩት። «ጌታ» ካልኩ ደግሞ ሱኒው አንባቢ ገና ሳይጀምር ይዘጋዋል።

ሙዓሊም፦ «መውላ» ብለሽ ተዪውና ሁለቱንም ንባብ በግርጌ ጻፊ።

የዘጌው፦ ግርጌ ማን ያነባል? «አሳዳሪ»ስ?

ሙዓሊም፦ አለቅነቱን ይይዛል። ወዳጅነቱን ግን ይጥለዋል፣ እሱ ደግሞ የሱኒው ንባብ ነው።

የሽምብጧ፦ ሌላ ቃል ያለው ካለ ይጻፍልኝ፣ እስከዚያ ገጹን አልዘጋውም።