አስቸኳይ፦ 15,150 ሜጋባይት ስንት ጊጋ ነው? ማኩ 15.15 ይላል፣ ዊንዶው 14.1 ይላል

ሚጡ ኤዲቲንግ
ሰላም ቤቶች፣ እባካችሁ ቶሎ። የሰርግ ክሊፖች ናቸው። ካሜራማኑ ከማኩ ላይ በኤክስተርናል ገልብጦ ላከልኝ። በቴክስት ደግሞ «ድምሩ 15,150 ሜጋ ነው» ብሎኛል። እኔ ዊንዶው ላይ ፎልደሩን ሳየው 14.1 GB ነው የሚለው። ለ1000 ሳካፍለው 15.15 ይመጣል፣ ለ1024 ሳካፍለው 14.79። 14.1 የሚባል ነገር በየትም በኩል አይመጣልኝም። 1 ጊጋ የት ገባ? ልጁ ነገ ሌላ ሰርግ ስላለበት ካርዶቹን ፎርማት ላድርግ ወይ እያለ እየደወለ ነው። ምን ልበለው?

ቢኒ ፒሲ
ለ1024 አካፍዪው። 1 ጊጋ 1024 ሜጋ ነው። አለቀ።

ሚጡ ኤዲቲንግ
ቢኒ፣ አካፍያለሁ እኮ፣ ጽፌዋለሁ። 14.79 ነው የሚሰጠኝ። ዊንዶው 14.1 ነው የሚለው።

የቀበና ልጅ
የጠፋው ክፍል የአጎትየው ንግግር ከሆነ አትፈልጊው 😂

ሶል ጥገና
ይሄ የታወቀ ችግር ነው። ኤክስተርናሉ FAT32 ነው። FAT32 ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ስለዚህ መሀል ላይ ቆርጦታል። ወደ exFAT ፎርማት አድርጊውና እንደገና ይገልብጥልሽ።

ሚጡ ኤዲቲንግ
ሶል፣ አንድ ፋይል አይደለም፣ 24 ክሊፕ ነው። ትልቁ እንኳን 900 ሜጋ አይሞላም። ዲስኩም exFAT ነው። ደግሞ ፎርማት አድርጊ አትበለኝ፣ ዛሬ ይቺን ቃል መስማት አልፈልግም።

ራሄል ሰርቨር
ሚጡ፣ መጀመሪያ ደውዪና «ካርዶቹን እንዳትነካ» በይው። ከዚያ ተመልሰሽ ይሄን አንብቢ።

ከቁጥሮቹ እንደማየው የጠፋ ነገር ያለ አይመስለኝም። ማክ 1 ሜጋ ሲል ልክ አንድ ሚሊዮን ባይት ማለቱ ነው። ስለዚህ የልጁ 15,150 ሜጋ 15,150,000,000 ባይት ነው። ዊንዶው ደግሞ ሁልጊዜ ከባይት ነው የሚነሳው፤ በየደረጃው ለ1024 እያካፈለ ይወጣል። አብረን እናካፍለው። ባይቱን ለ1024 ስታካፍዪ 14,794,922 ኪሎ ገደማ ይመጣል። እሱን እንደገና ለ1024፣ 14,448 ሜጋ። እሱን ደግሞ ለ1024፣ 14.11 ጊጋ። ያው ያየሽው 14.1 ነው።

አንቺ 15,150ን ለ1024 ስታካፍዪ የመጨረሻዋን ደረጃ ብቻ ነው በዊንዶው ሂሳብ የሄድሽው። የታችኞቹ ሁለቱ በማክ ሂሳብ እንደተሠሩ ቀርተዋል። 14.79 የማንም ቁጥር ያልሆነው ለዚህ ነው። ማክም ዊንዶውም እንደዚያ ብሎ አይጽፍም።

ለወደፊቱ አቋራጭ ከፈለግሽ የማኩን ጊጋ በ0.931 አባዢው። 15.15 ሲባዛ በ0.931፣ 14.1።

ቢኒ ፒሲ
ታዲያ እኔስ 1024 አላልኩም?

ራሄል ሰርቨር
ብለሃል ቢንዬ። አንዴ ነው ያልከው፣ ሦስቴ ነበር የሚያስፈልገው።

ጋሽ መ.
ልጆች፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ኪሎ ማለት ሺህ ነው፣ ሜጋ ሚሊዮን ነው፣ ጊጋ ቢሊዮን ነው። ኮምፒዩተር ከመምጣቱ በፊትም እንደዚያው ነበር። 1024 የመጣው ሚሞሪ በእጥፍ በእጥፍ፣ ማለትም ሁለትን በራሱ እያባዛ፣ ስለሚያድግ ነው። ለሺህ ይቀርባልና «ኪሎ» ብለው ጠሩት። በኪሎ ላይ ልዩነቱ 2.4 በመቶ ብቻ ስለነበር ማንም ግድ አልሰጠው። ሜጋ ላይ ሲደርስ 4.9 ሆነ፣ ጊጋ ላይ 7.4፣ ቴራ ላይ ወደ 10 በመቶ ደረሰ። በ1998 ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ለ1024ቱ የራሳቸውን ስም አወጣላቸው፦ ኪቢ፣ ሜቢ፣ ጊቢ። በምልክት KiB፣ MiB፣ GiB ተብለው ይጻፋሉ። ዊንዶው ግን በጊቢ እየቆጠረ ዛሬም GB ብሎ ይጽፋል። አፕል ከስኖው ሌፐርድ ጀምሮ፣ ማለትም ከ2009፣ ወደ ሺው ዞሯል። ስለዚህ ልጄ፣ ጥፋቱ የካሜራማኑም ያንቺም አይደለም፣ የዊንዶው ነው።

ቢኒ ፒሲ
ጋሼ፣ በአክብሮት፣ አልስማማም። ራም ሲገዙ 8 ጊጋ በ1024 ነው የሚቆጠረው። ማን ነው ጊጋን ቢሊዮን ብቻ ያደረገው? የዲስክ ፋብሪካዎች ቁጥሩ እንዲበዛላቸው ብለው ነው።

ጋሽ መ.
ራሙ ላይ ልክ ነህ፣ አልክድም። ግን የኔትወርክ ፍጥነትም በሺህ ነው፣ እሱንም የዲስክ ፋብሪካ ነው ያመጣው? የድሮዋን 1.44 ፍሎፒ ታስታውሳለህ? እሷ ደግሞ 1,440 ጊዜ 1024 ባይት ነበረች። ግማሹን በ1024፣ ግማሹን በሺህ። ከሁለታችንም ወገን አልነበረችም።

ያሬድ ሳሪስ
ቆይ ቆይ፣ ይሄ እኔንም ይመለከተኛል። 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ገዝቼ ስሰካው 931 ነው ያለኝ። ነጋዴው ጋ ሄጄ ስንጣላ ነበር። ሸውዶኛል ማለት ነው ወይስ አልሸወደኝም?

ራሄል ሰርቨር
በዚህ አልሸወደህም። አንድ ትሪሊዮን ባይት በዊንዶው ቆጠራ 931 ነው። 931 ካሳየህ ሙሉውን አግኝተሃል። ዋጋው ላይ ሸውዶህ ከሆነ አላውቅም።

ሚጡ ኤዲቲንግ
ደወልኩ፣ ካርዶቹን አልነካም አለ፣ እግዜር ይስጥሽ ራሄልዬ። ግን ሂሳቡ ስለገጠመ ብቻ ፎርማት አድርግ ልበለው? ፈርቻለሁ። ሰርግ ነው፣ ድጋሚ አይቀረጽም።

ራሄል ሰርቨር
አትበዪው፣ ልክ ነሽ። 14.1 የተከረከመ ቁጥር ነው። አንድ አጭር ክሊፕ ቢጎድል እንኳን ላያሳብቅ ይችላል። በጊጋ አታወዳድሪ፣ በባይት አወዳድሪ። ባይት ላይ ማክና ዊንዶው አይጣሉም።

ፎልደሩ ላይ ራይት ክሊክ፣ `Properties`። `Size` የሚለው መስመር ላይ ከ14.1 GB ጎን በቅንፍ ረጅም ቁጥር አለ፣ እሱን ውሰጂ። `Size on disk` የሚለውን ተዪው፣ እሱ ፋይሉ ዲስኩ ላይ የያዘው ቦታ ነው፣ ከዲስክ ዲስክ ይለያያል። ልጁ ደግሞ 24ቱን ክሊፖች አንድ ላይ መርጦ `Get Info` ይበልና ባይቱን ይላክልሽ።

ሶል ጥገና
እኔ አሁንም FAT32 ይመስለኛል።

የቀበና ልጅ
ሶል ሰርጉንም FAT32 ነው ያበላሸው ሊል ነው 😂

ሚጡ ኤዲቲንግ
ላከልኝ። የሱ 15,150,482,944። የኔ 15,150,587,396። አሁን ደግሞ በለጠ!! ደግሞ ከታች 49 Files ይለኛል። እኔ 24 ነው የማየው። ቫይረስ ነው?

ቢኒ ፒሲ
ቫይረስ ነው። ስካን አድርጊው።

ራሄል ሰርቨር
ቫይረስ አይደለም፣ የማክ ጠባይ ነው። ማክ exFAT ዲስክ ላይ ሲገለብጥ ከእያንዳንዱ ፋይል ጎን በ`._` የሚጀምር ትንሽ ድብቅ ፋይል ሊያስቀምጥ ይችላል። ፎልደሩ ውስጥ ደግሞ `.DS_Store` የምትባል አንዲት አለች። 24 ክሊፕ፣ 24 ድብቅ፣ አንድ `.DS_Store`፣ ይኸው 49።

የባይቱም ልዩነት ይነግርሻል። ሁለቱን ስትቀንሺ 104,452 ይቀራል። ድብቆቹ አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዳቸው 4,096 ባይት ናቸው። 24 ጊዜ 4,096 ሲሆን 98,304። የቀረው 6,148 ነው፣ የተለመደው የ`.DS_Store` መጠን። ከፎልደሩ `View` ውስጥ `Hidden items` ላይ ምልክት አድርጊና በዓይንሽ እዪያቸው። ከዚያ 24ቱን ክሊፖች ብቻ መርጠሽ ራይት ክሊክ፣ `Properties`። ቁጥሩ ከልጁ ጋር አንድ መሆን አለበት፣ አንድ ባይት እንኳን መለየት የለበትም።

ጋሽ መ.
ጎበዝ! እንዲህ ነው ሂሳብ።

ዲጂታል አቤል
አንድ ነገር ልጨምር። ባይቱ እኩል ሆነ ማለት ይዘቱ ደህና ነው ማለት አይደለም። እኔ ጋ መጠኑ ልክ ሆኖ መሀል ላይ ምስሉ የተሰባበረ ክሊፕ መጥቶ ያውቃል። ኬብሉ የላላ ነበር። ካርዱ የሚጠፋ ከሆነ ሃሹን፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣውን ረጅም ኮድ፣ አወዳድሩ። ልጁ ክሊፖቹ ያሉበት ፎልደር ውስጥ ሆኖ ቴርሚናል ላይ፦

```
shasum -a 256 *.MP4
```

አንቺ እዚያው ፎልደር ውስጥ ፓወርሼል ከፍተሽ፦

```
Get-FileHash *.MP4
```

ሁለቱም SHA256 ነው የሚያወጡት። ማኩ በትንንሽ ፊደል፣ ዊንዶው በትልልቅ ፊደል ይጽፈዋል፣ እሱ አያስደንግጥሽ፣ ፊደሎቹ ያው ናቸው። `._` ያላቸው ከወጡ ዝለያቸው። አንዱ ክሊፕ እንኳን ካልገጠመ ያንን ብቻ እንደገና ይገልብጥልሽ።

ቢኒ ፒሲ
ለሰርግ ቪዲዮ ይሄ ሁሉ? ክሊፖቹን ከፍታ ፈጠን አድርጋ ትያቸው በቃ።

ዲጂታል አቤል
ቢኒ፣ አንተ ፈጠን አድርገህ ስታይ የተበላሸችዋ አንድ ሰከንድ ቀለበቱ የሚገባበት ብትሆንስ?

የቀበና ልጅ
አጎትየው ከሆነ ግን ምንም አይደል 😂

ሚጡ ኤዲቲንግ
24ቱን ብቻ መርጬ አየሁ፣ 15,150,482,944። አንድ ናቸው!! አሁን ሃሹን ላስጀምር። ልጁ ቴርሚናል ምን እንደሆነ አላውቅም እያለኝ ነው፣ ቪዲዮ ኮል ላይ ነን።

ሄለን ከዱባይ
ዘግይቼ ነው የመጣሁት፣ ግን እኔም ማክ ላይ ኤዲት አደርጋለሁና አንድ ነገር ግራ ገባኝ። የኔም ፎልደር 15 ጊጋ አካባቢ ነው። ፋይንደር ላይ 15.1 GB ይለኛል። ቴርሚናል ላይ `du -sh` ስል ግን 14G ይላል። ማክ በሺህ ነው የሚቆጥረው አላላችሁም?

ራሄል ሰርቨር
ፋይንደር በሺህ ነው። `du` እና `ls` በ`-h` ሲጠሩ ግን እዚያው ማክ ላይ በ1024 ነው የሚቆጥሩት። የድሮ ልማድ ነው፣ አልተቀየረም። ሚጡ፣ ቴርሚናሉ ከተከፈተላችሁ ልጁ `du` እንዳይሞክር፣ እንደገና 1 ጊጋ ጠፋ ብሎ እንዳያስለቅስሽ።

ጋሽ መ.
እህ! አንድ ማሽን ውስጥ ሁለት ሚዛን። ይሄንንስ ማን ይመልስልኛል?

ቢኒ ፒሲ
ጋሼ፣ እኔ አሁንም 1024 ነው የምለው።