«መሃሉ» የማን መሃል ነው?

ሰረዝ፦ ሰላም ቤተሰብ። ለቴክኒክ ተማሪዎች የተዘጋጀ የልምምድ ወረቀት እያረምኩ ነው። አንድ ቢም አለ። ሁለት ጫፉ ላይ ተደግፏል፣ ላዩ ላይ ሸክም ተጭኗል። ጥያቄው ግራና ቀኙ እያንዳንዳቸው ስንት ይሸከማሉ ነው። ተርጓሚው ድጋፎቹ ቢሙን ወደ ላይ የሚገፉበትን ኃይል «የድጋፍ አጸፋ» ብሎታል። እኔ ሳነበው የድጋፍ ሰልፍና የአጸፋ እርምጃ አንድ ላይ መጡብኝ። ቢሙን ደግሞ «በቀላሉ የተደገፈ» ይለዋል። ምኑ ነው ቀላል?

ዘግዕዝ፦ አጸፋን አትንኪብኝ። ገፋኸው፣ መልሶ ገፋህ። ከዚህ የተሻለ ቃል ከየት ይመጣል? «ምላሽ» ብትዪው የቢሮ ደብዳቤ ይሆናል። «ግብረ መልስ» ካልሽው ደግሞ ስብሰባ ላይ ነን። አጸፋ ከ«አጠፈ» እና ከ«እጥፍ» ጋር ዘመድ ይመስለኛል፤ የሄደው ታጥፎ ሲመለስ።

ቀለሜ፦ ልክ ነው፣ አጸፋ እኩል ነው። ሸክሙ 50 ከሆነ አጸፋውም 50። ድጋፉ ሁለት ስለሆነ 25፣ 25። አለቀ።

የጓሮ ጎመን፦ ጥሩ ጊዜ ላይ ነው የደረስኩት። እኔም ባልኮኒ ላይ የውሃ ታንከር ልሰቅል ነው፣ 1000 ሊትር። ቢሙ ይችለዋል ትላላችሁ?

ቱምቢ፦ እትዬ፣ እሱን እዚህ ሆኖ የሚመልስልዎት ሰው ካገኙ አይመኑት። ፌሮው ስንት እንደሆነ ሳይታይ አይሆንም። ሰው ወስደው ያሳዩ።

ቀለሜ፣ ግማሹን አግኝተሃል። ወደ ላይ የሚገፋው ድምር ወደ ታች ከሚጫነው ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ካልሆነ ቢሙ ቦታው ላይ አይቀመጥም። ግማሽ ግማሽ የሚለውን ግን ከየት አመጣኸው? ቃሬዛ ተሸክመህ ታውቃለህ? በሽተኛው ወደ አንተ ከተንሸራተተ ማን ነው የሚያልበው?

«በቀላሉ» የሚለው ተርጓሚውን ሸውዶታል። የክብደትም የችግርም ቀላል አይደለም። ጫፎቹ እንዲሁ ተቀምጠዋል፣ አልታሰሩም ማለት ነው። ቢሙ ሲጎብጥ ጫፉ እንደልቡ ይዞራል፣ አንደኛው ጫፍ ትንሽ መንሸራተትም ይችላል። እኔ ብሆን «ጫፉ ያልታሰረ» እለው ነበር። ሳይት ላይ ከኮለኑ ጋር አንድ ላይ የተሞላ የኮንክሪት ቢም እንዲህ አይደለም። እሱ ጫፉ ላይ ተይዟል፤ ይሄ የሁለት መስመር ስሌት አይበቃውም።

ሰረዝ፦ «ጫፉ ያልታሰረ»ን ወሰድኩ። አሁን ወደ ዋናው ችግሬ። ቢሙ 6 ሜትር ነው። ከግራ 2 ሜትር ላይ አንድ 10 ኪሎ ኒውተን ሸክም አለ። ከዚያች ነጥብ ጀምሮ እስከ ቀኝ ጫፍ፣ ማለትም 4 ሜትር ላይ፣ «ወጥ ጭነት» ይላል፤ በሜትር 10 ኪሎ ኒውተን። (ወጥ ጭነት! ሽሮ የጫነ መኪና ነው የታየኝ።) መልሱ ለቀኙ 30 ይላል። ወረቀቱን የሞከሩት ልጆች ግን ብዙዎቹ 23.33 ነው ያመጡት። መምህሩ «ሂሳብ አይችሉም» ብሏል። እኔ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ስህተት ሲሳሳቱ ደስ አይለኝም።

ቱምቢ፦ ደግ ጠረጠርሽ። እንሥራው። ሸክሙን የእትዬ ታንከር አድርጉት፤ 1000 ሊትር ውሃ ወደ 10 ኪሎ ኒውተን ነው። የተዘረጋውን ደግሞ የብሎኬት ግድግዳ በሉት። ግድግዳው በጠቅላላ 4 ጊዜ 10፣ 40 ነው። ይሄን 40 አንድ ቦታ ላይ ሰብስበን እናስቀምጠዋለን። የት? ግድግዳው ከግራ 2 ሜትር ጀምሮ 6 ላይ ያልቃል፤ መካከሉ 4 ሜትር ላይ ነው። ከዚያ የግራውን ጫፍ እንደ ማጠፊያ እንይዛለን። እያንዳንዱ ኃይል በርቀቱ ይባዛል። ቢሙን ወደ ታች የሚያዞረው፣ የቀኙ ድጋፍ ወደ ላይ ከሚያዞረው ጋር እኩል ይሆናል።

```
ቀኝ × 6 = 10 × 2 + 40 × 4 = 180
ቀኝ = 180 ÷ 6 = 30
ግራ = 50 − 30 = 20
```

ልጆቹ 40ውን 3 ሜትር ላይ ነው ያስቀመጡት። 20 ሲደመር 120፣ 140። ለ6 ሲካፈል 23.33። ወረቀቱ ስለቦታው ምን ይላል? ቃል በቃል ጻፊልን።

ሰረዝ፦ «በቢሙ ላይ የተዘረጋውን ጭነት ጠቅልለህ መሃሉ ላይ አስቀምጠው።»

ዘግዕዝ፦ አሃ! «መሃሉ»! የማን መሃል? ያቺ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኡ» ለቢሙም ለጭነቱም ትሆናለች። ልጆቹ ሂሳብ ሳይሆን አማርኛ ነው የጣላቸው።

ቀለሜ፦ ግን እኔም 3 ላይ አስቀምጬ ሠራሁት። ግራው 26.67 መጣ። ደመርኩት፣ 50። ከቀኝ ጫፍም ተነስቼ ሠራሁት፣ ያው 26.67። ትክክል ካልሆነ ለምን ይገጥማል?

ቱምቢ፦ ይሄ ነው ክፋቱ። ድምሩ የሚነግርህ ሸክም እንዳልጠፋብህ ብቻ ነው። ሸክሙን የት እንዳስቀመጥከው አያውቅም። ከሌላው ጫፍ ስትነሳም ያንኑ የተሳሳተ ቦታ ይዘህ ስለሄድክ ይስማማልሃል። ስለዚህ በዓይን ነው የሚያዘው። ግድግዳው ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ ያደላ ነው፤ ያንተ መልስ ግን ግራው የበለጠ ይሸከማል ይላል። ታንከሩን ብናወርደው እንኳ፣ የግድግዳው መሃል ከግራ 4 ሜትር ከቀኝ 2 ሜትር ስለሚርቅ ቀኙ ከግድግዳው ሁለት ሦስተኛውን ይወስዳል፤ 26.67። ታንከሩ ሲጨመር እንዴት ወደ 23.33 ይወርዳል?

ቀለሜ፦ ገባኝ። ታንከሩ ለቀኙ 3.33 ይሰጠዋል፣ 26.67 ሲደመርበት 30። ዓይኔን ነው መጠቀም የነበረብኝ።

የጓሮ ጎመን፦ ስለዚህ ታንከሬን ወደ አንዱ ድጋፍ ባስጠጋው ይሻላል ማለት ነው?

ቱምቢ፦ ለቢሙ መሃል ይሻለዋል፣ ለተጠጋበት ጫፍ ግን ሸክሙ ይብሳል። ደግሞም ባልኮኒ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ በኩል ብቻ ነው የተያዘው፤ ሌላ ታሪክ ነው። እትዬ፣ በቃ ሰው ያሳዩ።

ሰረዝ፦ እንዲህ ልለው ነው፦ «የተዘረጋውን ጭነት ጠቅልለህ ጭነቱ ራሱ ባረፈበት ርዝመት መካከል ላይ አስቀምጠው፤ የቢሙን መሃል አትይ።» ይረዝማል፣ ግን ይርዘም። «ወጥ»ን ግን ምን ላድርገው?

ዘግዕዝ፦ ወጥ ትክክለኛ አማርኛ ነው፤ አንድ ዓይነት፣ የማይለዋወጥ። ስለራበሽ ነው።

ቱምቢ፦ እኔ «እኩል የተዘረጋ» ነው የምለው። ሳይት ላይ ግን ማንም አይለውም፣ «ዩኒፎርም ሎድ» ነው። አጸፋም «ሪአክሽን» ነው። ፎርማኑን «አጸፋው ስንት ነው?» ብትዪው ተጣልተሽ የመጣሽ ይመስለዋል።

ዘግዕዝ፦ ፎርማኑ «ሶሌታ» እና «ፌሮ» ሲልም ጣልያንኛ ነው የሚያወራው። እሱን ዳኛ አናደርገውም።

ቀለሜ፦ አንድ ነገር። ቢሙ ራሱ ክብደት የለውም እንዴ?

ቱምቢ፦ ጎበዝ። ወረቀቱ ትቶታል። 20 በ40 ሴንቲ ሜትር የኮንክሪት ቢም በሜትር ወደ 2 ኪሎ ኒውተን ይመዝናል፤ በ6 ሜትር 12። እሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለሆነ መሃሉ የእውነት የቢሙ መሃል ነው። ለግራ 6፣ ለቀኝ 6።

ቀለሜ፦ ግማሽ ግማሽ! ብዬ ነበር እኮ።