«ቋንቋችን ሀብታም ነው» ያሉት ሰውዬ እና የመረቡ ዓይን

ሰብለ፦ «ተርጓሚ ሲበዛ ቃል ይበዛል፤ ቋንቋችን ሀብታም ነው፣ ምን ያስጨንቃል?»

ይህን ያሉት ትናንት እዚሁ ባህር ዳር የማኑዋሉን ግምገማ ይመሩ የነበሩት ሰውዬ ናቸው። ቤቱም አጨበጨበላቸው። የጣና ዓሣ አስጋሪዎችን ማኑዋል ለአራት ተካፍለን ተረጎምን፤ ያንኑ አንድ መረብ እኔ «ተዘርጊ መረብ» ስለው ሌላው «ግድግዳ መረብ» አለው፣ ሦስተኛው «ጊልኔት» ብሎ እንዳለ ተወው። መጀመሪያ ሙዳየ ቃላት እንሥራ ስል «ጊዜ የለም» ተባልኩ። አሁን እርማቱ ከትርጉሙ የባሰ ጊዜ እየበላ ነው።

ደንገል፦ ቋንቋችን ሀብታም ነው ማለት ጥፋት ሆነ እንዴ? አስጋሪው መረብ ሲያይ ነው ያደገው፣ በየትኛውም ስም ብትጠሪው ያውቀዋል። ደግሞ ጥሩ ጸሐፊ ቃል አይደጋግምም።

ሰብለ፦ እሱ ለድርሰት ነው፣ ወንድሜ። ገጽ 12 ላይ «ግድግዳ መረብ»፣ ገጽ 40 ላይ «ተዘርጊ መረብ» ያነበበ ሰው ሁለት ዓይነት መረብ ግዛ የተባለ ይመስለዋል። ሀብታም ነህ ተብለህ አንዱን ዕቃ ሁለቴ ትከፍላለህ?

የዘጌው፦ በዚህ ማኑዋል ያሰለጠንኩት እኔ ስለሆንኩ ልናገር። እኛን የጎዳን የቃል መብዛት አይደለም፣ ማነስ ነው።

ምዕራፍ 2 «የመረቡ ዓይን ስፋት ከ10 ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ» ይላል። ምዕራፍ 5 ላይ ያለው ሠንጠረዥ ደግሞ «የመረቡ ዓይን ስፋት፦ 5 ሳንቲ ሜትር»። አንድ አባት እጃቸውን አወጡና «ልጄ፣ የቱን ልግዛ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ማታ እንግሊዝኛውን ገልጬ ባየው ሁለቱም ልክ ናቸው። ምዕራፍ 2 የሚለካው ዓይኑን ወጥሮ ከአንዱ ቋጠሮ እስከ ፊት ለፊቱ ቋጠሮ ነው። ምዕራፍ 5 የሚለካው አንዱን ጎን ብቻ ነው፣ ከቋጠሮ እስከ ቀጣዩ ቋጠሮ። ሲወጠር 10 የሆነ መረብ ጎኑ 5 ነው። ያው አንድ መረብ! እንግሊዝኛው ሁለት ቃል ነበረው፤ ሁለት ተርጓሚዎች፣ ሳይነጋገሩ፣ ለሁለቱም «ስፋት» አሉ።

እኚያ አባት «5» ብለው ገበያ ቢወጡና ነጋዴው ወጥሮ የሚለካ ቢሆን፣ የዓሣ ጫጩት የሚለቅም መረብ ተሸክመው ይገባሉ።

ዓሣ ጠባሽ፦ ለመሆኑ መረብ አሁን ስንት ገባ? እምቦጩስ? እሱ ባለበት ማን መረብ ይጥላል?

የዘጌው፦ እሱን ሌላ ቀን እናንሳው፣ ወዳጄ።

ጋሼ ምንይችል፦ ልጆች፣ ነገር አታብዙ። በኤክሴል ሁለት ዓምድ ክፈቱ፤ በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ አማርኛ። ለአራቱም ላኩላቸው። አለቀ።

ሰብለ፦ ጋሼ፣ ግማሹ ልክ ነው። ግን እንደዚያ ቢሠራ ኖሮ ያው ሁለቱ ረድፎች አንዱም «የዓይን ስፋት» ሌላውም «የዓይን ስፋት» ሆነው ይቀመጡ ነበር፣ ሁላችንም ተስማማን ብለን ቤታችን እንገባ ነበር። ነገሩ ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ አለበት። «ምን ይባል» ከማለት በፊት «ከየት እስከ የት ይለካል» ብለን ብንጽፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ያን ጊዜውኑ ይታየን ነበር። ትናንት ማታ የሠራሁት ይኸው፦

«የተወጠረ ዓይን»፦ ዓይኑ ተወጥሮ ከቋጠሮ እስከ ፊት ለፊቱ ቋጠሮ ያለው ርዝመት። አይባልም፦ የዓይን ስፋት፣ የቀዳዳ ስፋት። አገባቡ፦ የተወጠረ ዓይኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ መረብ ይግዙ።

«የዓይን ጎን»፦ ከአንዱ ቋጠሮ እስከ ቀጣዩ ያለው ርዝመት፣ የተወጠረው ግማሽ። አይባልም፦ የዓይን ስፋት።

ከሁሉም የሚጠቅመኝ «አይባልም» የሚለው ነው። ምዕራፉ ሲያልቅ በኮምፒውተር የምፈልገው የተመረጠውን ቃል ሳይሆን የተከለከለውን ነው፤ ከተገኘ አንድ ሰው ዝርዝሩን አላየም ማለት ነው።

ደንገል፦ ይኸው ራስሽ ሁለት ቃል ፈጠርሽ። ቋንቋው ሀብታም መሆኑን አመንሽ ማለት ነው።

ሰብለ፦ ለሁለት ነገር ሁለት ቃል ነው። አንተ የምትከራከረው ለአንድ ነገር ሦስት ቃል ብለህ ነው።

ደንገል፦ እሺ፣ ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ ይቀይርላችሁ። ምኑ ነው ይህን ያህል የሚያስለቅሰው?

አራሚዋ፦ ኧረ እንዳትነኩት! እንደዚያ ብዬ ጉድ ሆኛለሁ። «ቀዳዳ» የሚለውን በሙሉ በ«ዓይን» ተካሁ። መረቡ አማረበት። የጀልባ ጥገናው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ግን «ወደ ሐይቁ ከመግባትዎ በፊት በጀልባዎ ወለል ላይ ዓይን አለመኖሩን ያረጋግጡ» ይላል። ሊታተም ሁለት ቀን ሲቀረው ነው ያየሁት።

ፍለጋውም በእኛ ፊደል ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። «መረብ» ብላችሁ ስትፈልጉ «የመረብ»ንና «በመረብ»ን ያመጣል፣ «መረቡ»ንና «መረቦች»ን ግን ያልፋቸዋል፤ ብ ቡ ሆኗል፣ ቦ ሆኗል። ስለዚህ «መረ» ብዬ ነው የምፈልገው። «መረጃ»ውም «መረጠ»ውም ተግተልትሎ ይመጣል፣ እሱን በዓይኔ አልፈዋለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ፊደል ላይ ተስማሙ። ከአራታችሁ አንዱ «ዓሣ»፣ ሁለታችሁ «ዓሳ»፣ አንዱ «አሳ» ብላችኋል። አንዱን ብፈልግ ሌላው አይገኝም። «አሳ» ስል ደግሞ «አሳየ» ሁሉ ይግተለተላል።

ጋሼ ምንይችል፦ «ዓሣ» በንጉሡ ሠ ነው፣ በዐይኑ ዓ። ሌላው ስህተት ነው።

ደንገል፦ ጋሼ ደግሞ ጀመሩ! ጋዜጣው ሁሉ በእሳቱ ሰ ይጽፋል እኮ።

ጋሼ ምንይችል፦ ጋዜጣ ስለተሳሳተ እኔም ልሳሳት?

አራሚዋ፦ ጋሼ፣ ለኔ የፈለጋችሁት ይሁን፣ አንድ ብቻ ይሁን።

ክኒኑ፦ እኔ የጤና ሰነድ ነው የምተረጉመው፣ እኛ ዘንድ ደግሞ «መጠን» ነው ያጃጃለን። ስንት ሚሊ ሊትር ይወሰድ የሚለውም «መጠን»፣ ውሃው ውስጥ ምን ያህል መድኃኒት ይኑር የሚለውም «መጠን»። «መጠኑን ጨምር» ሲባል ብዙ ያጠጣ ወይስ ያወፍረው? ሙዳየ ቃላት ነበረን፤ ግን ሁላችንም የምንጽፍበት ነበር። ሰኞ የገባ ቃል ረቡዕ ተለውጦ ታገኘዋለህ፣ ማን እንደለወጠው አይታወቅም።

ሰብለ፦ ለዚህ ነው አንድ ሰው ይወስን የምለው። ሌላው ሐሳቡን ይላክ፣ ያ ሰው ቀን ጽፎ ያስገባ። አንድ ቃል ከተለወጠ ደግሞ የትኞቹ ያለቁ ምዕራፎች ተመልሰው እንደሚታዩ አብሮ ይጻፍ።

ደንገል፦ ያ አንድ ሰው ማነው? አንቺ?

ሰብለ፦ እኔ አላልኩም።

ደንገል፦ አልሽ እኮ፣ በጨዋ አማርኛ።

የዘጌው፦ ከመጣላታችሁ በፊት አንድ ነገር ልበል። «ተዘርጊ»ም «ግድግዳ»ም የቢሮ ቃል ናቸው። ወደ ሐይቁ የሚገባው ሰው ከነዚህ አንዱንም ሲል ሰምቼ አላውቅም፣ «መረብ» ነው የሚለው። የሚወስነው ሰው እንግሊዝኛ የሚያውቅ ብቻ ከሆነ ሁላችሁም የምትስማሙበት፣ እነሱ የማይገባቸው ቃል ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ዝርዝሩን ሁለት አስጋሪዎች ፊት አንብቡት፣ መረቡን በእጃቸው ይዘው «የቱ ነው ጎኑ?» በሏቸው።

ጋሼ ምንይችል፦ እነሱ በሚሉት ከተጻፈማ የባህር ዳሩና የጎርጎራው ሊለያይ ይችላል። ያኔስ?

የዘጌው፦ ያኔ አንዱ ይመረጥና ሌላው መጀመሪያ ሲነሳ አንዴ ብቻ ይጠቀስ።

ሰብለ፦ የሚጠቀስበትን ቦታ ግን ማን ይወስን? በየምዕራፉ መጀመሪያ ወይስ በመጽሐፉ መጀመሪያ ብቻ? ሰልጣኙ ምዕራፍ 5ን ብቻውን ፎቶ ኮፒ አድርጎ ነው የሚወስደው።

ደንገል፦ እኔ አሁንም ሰውዬው ልክ ናቸው እላለሁ።

አራሚዋ፦ እሱን ተዉትና፣ የምዕራፍ 5ን ሠንጠረዥ ማን አስተካከለው? እኔ ጋ ያለው ፋይል አሁንም «ስፋት፦ 5» ነው የሚለው።

ዓሣ ጠባሽ፦ መረብ ስንት ገባ ብዬ ነበር፣ አልመለሳችሁልኝም።