ባለቤቴ አዳማ ላይ የተበደረው ዕዳ ቤታችንን ይወስዳል ወይ?

ጠያቂዋ (ዱባይ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ አዳማ ነው፣ እኔ እዚህ። ሳልሰማ ከአንድ ነጋዴ 900,000 ብር በውል ተበድሮ ንግድ ጀመረ፣ ከሰረ፣ ተፈረደበት። አሁን ባለገንዘቡ በአፈጻጸም ፍራንኮ ያለውን ቤታችንን አሳግዷል። ቤቱ ከተጋባን በኋላ እኔ በላክሁት ደመወዝ የተሠራ ነው፣ ካርታውም በስሜ ነው። አሰላ ደግሞ አባቴ ያወረሰኝ ቤት አለኝ። ውል ላይ አልፈረምኩም። ሁለቱንም ሊነኩብኝ ይችላሉ?

ከሪያድ፦ እህቴ አትጨነቂ። ካርታው በስምሽ ከሆነ ማን ይነካዋል? ደግሞ ከ500 ብር በላይ ሚስት ሳትስማማ የተወሰደ ብድር ዋጋ የለውም፣ ሕጉ ላይ ተጽፏል።

ጡረተኛ ጠበቃ (አዳማ)፦ ወንድሜ፣ 500 ብሩ እውነት ነው፣ የቀረው ግን ሰው ያሳስታል። ብድሩ በራሱ አይፈርስም። ያልተስማማው ወገን ፍርድ ቤት ሄዶ ይፍረስልኝ ማለት አለበት፤ ይህንንም ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢረፍድ ቢረፍድ ብድሩ በተወሰደ በሁለት ዓመት ውስጥ። ዝም ካለ መብቱ ያልፋል። (የምናገረው ከፌዴራሉ አዋጅ 213/1992 ነው። ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው ጠበቃሽ አንቀጹንም ቀነ ገደቡንም ከዚያ ያረጋግጥ።)

ካርታውም አያድንሽም ልጄ። በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ደመወዝ የጋራ ነው፣ በዚያ የተሠራው ቤትም በማንም ስም ይመዝገብ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። «እኔ ነኝ የላክሁት» ማለት ብቻውን ግምቱን አይገለብጠውም።

ባለገንዘቡ ግን ዘሎ ቤቱ ላይ አይወጣም። ዕዳው የባልሽ የግሉ ከሆነ መጀመሪያ የሚነካው የእሱ የግል ንብረት ነው። ከጋብቻ በፊት የነበረው ነገር አለ?

ጠያቂዋ፦ አይሱዙ አለው፣ ሳንጋባ የገዛው።

ጡረተኛ ጠበቃ፦ ስለዚህ አይሱዙው ይቅደም ብለሽ ማመልከት አለብሽ። 600,000 ብር ቢሸጥ እንበል፣ ለጋራው ቤት የሚቀረው 300,000 ነው። የአሰላው ውርስ ነው፣ የግልሽ ነው፤ ለእሱ የግል ዕዳ አይነካም። የሚያሰጋሽ ሌላ ነው። ባለገንዘቡ «ገንዘቡ ለቤተሰብ ጥቅም ነው የዋለው» ብሎ ካስረዳ ዕዳው የሁለታችሁ የማይነጣጠል ዕዳ ይሆናል፣ ያን ጊዜ አሰላም አይቀርም። የልጆች ትምህርት ቤት፣ የቤት ቀለብ፣ ሕክምና ከዚህ ይገባሉ። ለንግድ የዋለው ግን ክርክር አለው፤ «ትርፉ ለቤቱ ነበር» የሚል ዳኛ አለ፣ አይደለም የሚልም አለ። ገንዘቡ የት እንደገባ የባንክ ወረቀቱን አስወጪ።

ከቶሮንቶ፦ እኔ ባሌ በክሬዲት ካርድ የገባበትን ዕዳ ባንኩ ከእኔ ጠይቆኝ አልከፈልኩም፣ ስሜ የለበትም ብዬ። አንቺም እንደዚያ በይ።

ከሪያድ፦ ያ የካናዳ ነው እህቴ፣ ይሄ አዳማ ነው። እኔ ግን ጋሼን ልጠይቅ፣ ለምን በፍጥነት አትፋታም? ንብረቱ ከተከፈለ ድርሻዋ ይተርፋል።

ጡረተኛ ጠበቃ፦ ይህን ምክር ብዙ ሰው ይሰጣል። ፍቺ ሲሆን ከጋራ ንብረት የሚከፈል ዕዳ ካለ ክፍፍሉ የሚመጣው እሱ ከተከፈለ በኋላ ነው። ለዕዳ ማምለጫ የተሠራ ፍቺ ደግሞ ዳኛው ፊት ይታወቃል።

ጠያቂዋ፦ ታዲያ የጋራው ቤት ሙሉውን ነው የሚወስዱት ወይስ ግማሹን?

ጡረተኛ ጠበቃ፦ ሕጉ «በጋራ ንብረት ላይ» ይላል፣ ግማሽ አይልም። እኔ በያዝኳቸው ጉዳዮች የሚስትን ድርሻ ይቀራል ብለን ተከራክረናል፣ አንዳንዱ ተቀብሎናል፣ አንዳንዱ አልተቀበለንም። ስለዚህ ተስፋሽን እዚያ ላይ አትጣይ። አሁን የሚያጣድፈው ሐራጁ ነው። ያልተከሰሰ፣ ፍርዱ ግን የሚነካው ሰው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 358 መቃወሚያ ማቅረብ ይችላል፣ ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት ከሆነ ብቻ። አይሱዙው ቀድሞ ይሸጥ የሚለውን ደግሞ ለአፈጻጸሙ ችሎት ታቀርቢያለሽ። ብድሩን መቼ ሰማሽ?

ጠያቂዋ፦ ኅዳር መጨረሻ ላይ ታናሽ እህቴ ውሉን በቴሌግራም ላከችልኝ። አሁን ሚያዝያ ነው።

ጡረተኛ ጠበቃ፦ ስድስት ወሩ ግንቦት መጨረሻ ነው፤ ያቺ መልእክት ቀኗ ይቆጠራል፣ አትሰርዢያት። ለባልሽ ውክልና ሰጥተሽዋል?

ጠያቂዋ፦ አዎ፣ ቤቱን ሲሠራ እዚህ ቆንስላ ሄጄ።

ጡረተኛ ጠበቃ፦ ዛሬውኑ ፎቶውን አስልኪ። «ለመበደር» የሚል ቃል ካለበት አልተስማማሁም የሚለው ክርክር አይቆምም። ሁለተኛ፣ ለእህትሽ ወይ ለጠበቃ የክርክር ውክልና ስትልኪ ከቆንስላው በኋላ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጫ ይፈልጋል፤ ያ ሳይጠናቀቅ መዝገብ ቤቱ አይቀበልሽም።

ጠያቂዋ፦ ጋሼ ውክልናውን አሁን አየሁት። «ማንኛውንም ውል በስሜ እንዲዋዋል» ይላል። ብድር የሚል የለም።

ጡረተኛ ጠበቃ፦ እንግዲህ ባለገንዘቡ «ማንኛውንም» የምትለዋን ይዞ ይመጣል። ሙሉውን ገጽ ላኪልኝ።